ስሙ ከእጃችን ሲወጣ፦ ጊዜው ያለፈበትን የዶሜይን ስም ስለ ማስመለስ

እንደሚታወቀው፣ በውጭ አገር የሚገኙ የተማሪ ማኅበሮች ዛሬ ጽሑፋቸውን የሚያወጡት፣ ስብሰባ የሚጠሩትና ከአባሎቻቸው ደብዳቤ የሚቀበሉት በድረ ገጽና በኢሜይል ነው። የሁለቱም መሠረት አንድ የዶሜይን ስም ነው። ይህ ስም እንደ መሬት ርስት አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያዝ ሳይሆን፣ እንደ ቤት ኪራይ በየጊዜው የሚከፈልበት ነው። ኪራዩ ሳይከፈል ቀኑ ሲያልፍ ስሙ ወዲያው አይጠፋም፤ ደረጃ በደረጃ ከባለቤቱ እጅ እየራቀ ይሄዳል። በየደረጃው የሚመለስበት መንገድ የተለያየ ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ።

ስሙ ሲጠፋ የሚጠፋው ድረ ገጹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በዚያ ስም የሚሠራው የማኅበሩ ኢሜይልም አብሮ ይሄዳል። ነገ ስሙን የገዛ ማንኛውም ሰው በዚያው ስም ያንኑ አድራሻ እንደገና ከፍቶ፣ ለማኅበሩ የተላከውን ሁሉ ሊቀበል ይችላል፦ የአባሎችን የፓስፖርት ቅጂ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ፣ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ፣ የስልክ ዝርዝር። ስለሆነም ጉዳዩ የቴክኒክ ሰዎች ብቻ ሳይሆን የማንኛውም የማኅበር ጸሐፊ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናየው እንደ .com፣ .net እና .org ያሉትን ዓለም አቀፍ ስሞች የሚመለከተውን ሕግ ነው። የአገር ስሞች፣ ማለትም እንደ .et ወይም .uk ያሉት፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ ስላላቸው ከዚህ በታች ያለው የቀን ስሌት በነሱ ላይ አይሠራም።

1. ሦስቱ ወገኖች

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ሦስት ወገኖችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ተመዝጋቢው ነው፤ ይኸውም ስሙ በመዝገብ ላይ የተጻፈለት ሰው ወይም ድርጅት ነው። ሁለተኛው መዝጋቢ ኩባንያው ነው፤ እኛ ገንዘብ የምንከፍለው፣ አካውንት የምንከፍተውና ማስጠንቀቂያ የሚልክልን እሱ ነው። ሦስተኛው ዋናው መዝገብ ቤት ነው። ለምሳሌ የ.com ዋና መዝገብ ቤት ቬሪሳይን የተባለው ኩባንያ ነው። መዝገብ ቤቱ ከተመዝጋቢው ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ የሚያነጋግረው መዝጋቢ ኩባንያዎችን ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ሆኖ ደንቡን የሚያወጣው አይካን የተባለው ድርጅት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ሲጠፋበት ድረ ገጹን ወደሚያስቀምጥለት ኩባንያ ይሮጣል፤ ወይም በቀጥታ ለመዝገብ ቤቱ ይጽፋል። ድረ ገጽ አስቀማጩ በስሙ ላይ ሥልጣን የለውም፤ መዝገብ ቤቱ ደግሞ ወደ መዝጋቢው ይመልሰዋል። እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ስሙን ማስመለስ የሚችለው ስሙን የያዘው መዝጋቢ ኩባንያ ብቻ ነው።

2. ስሙ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

ቀኑ ከማለፉ በፊት መዝጋቢው ሁለት ማስጠንቀቂያ የመላክ ግዴታ አለበት፤ አንዱን አንድ ወር ያህል፣ ሌላውን አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው። ቀኑ ካለፈም በኋላ ስሙ ካልታደሰ ወይም ካልተሰረዘ በ5 ቀን ውስጥ አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ መላክ አለበት። ይህንን ግዴታ የጣለው እ.ኤ.አ. ከኦገስት 31 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራው የአይካን መመሪያ ነው። ማስጠንቀቂያዎቹ የሚላኩት ግን በመዝገቡ ላይ ባለው አድራሻ ነው። አድራሻው የተዘጋ ከሆነ መዝጋቢው ግዴታውን ፈጽሟል፤ ማኅበሩም ምንም አልሰማም።

የመጀመሪያው ደረጃ የእፎይታ ጊዜ ይባላል። ቀኑ ባለፈ ዕለት ዋናው መዝገብ ቤት ስሙን በራሱ ለአንድ ዓመት ያድሰዋል፤ ሂሳቡንም በመዝጋቢው ላይ ይጽፋል። መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ድረስ ስሙን ከሰረዘው ገንዘቡ ይመለስለታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተመዝጋቢው አብዛኛውን ጊዜ የተለመደውን የማደሻ ዋጋ ከፍሎ ስሙን መቀጠል ይችላል። ሆኖም መዝጋቢው ድረ ገጹንና ኢሜይሉን ሊያቋርጥ ይችላል። እንዲያውም ከመሰረዙ በፊት ባሉት ቢያንስ 8 ተከታታይ ቀኖች እንዲያቋርጥ መመሪያው ያዘዋል። ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ ያልደረሰው ባለቤት ቢያንስ የድረ ገጹን መጥፋት አይቶ እንዲነቃ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የማስመለሻ ጊዜ ነው። መዝጋቢው ስሙን ሲሰርዘው ስሙ ወዲያው ለገበያ አይወጣም፤ በዋናው መዝገብ ቤት ለ30 ቀን ታግዶ ይቆያል። በነዚህ ቀኖች ድረ ገጹም ኢሜይሉም ፈጽሞ አይሠሩም። ስሙን የሰረዘው ያው መዝጋቢ ግን በተመዝጋቢው ጥያቄ ሊያስመልሰው ይችላል። ወደ ሌላ መዝጋቢ ማዛወር በዚህ ጊዜ አይቻልም። ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ከማደሻው ሌላ የማስመለሻ ክፍያ ይጠየቃል፤ ይህም በብዙ መዝጋቢዎች ዘንድ ከ80 እስከ 200 የአሜሪካ ዶላር ይደርሳል።

ሦስተኛው ደረጃ የስረዛ መጠበቂያ ነው፤ 5 ቀን ይቆያል። በነዚህ 5 ቀኖች ስሙን ማንም ሊያስመልሰው አይችልም፤ ገንዘብም ልመናም አይረዳም። ከዚያ በኋላ ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ቀድሞ ለተገኘ ሰው ሁሉ ክፍት ይሆናል።

3. 45ቱ ቀን የማን ነው?

ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው 45 እና 30 ቀን ደምሮ «75 ቀን አለኝ» ሊል ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ ስሌት ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው።

45ቱ ቀን የተሰጠው ለተመዝጋቢው ሳይሆን ለመዝጋቢው ነው። ትርጉሙም «መዝጋቢው በነዚህ ቀኖች ውስጥ ቢሰርዝ ገንዘቡ ይመለስለታል» ማለት ብቻ ነው። መዝጋቢው በ40ኛው ቀን ሊሰርዝ ይችላል፤ በ15ኛውም ቀን ሊሰርዝ ይችላል። አንዱ ኩባንያ 30 ቀን ሲሰጥ ሌላው ያነሰ ይሰጣል። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በዚያ መዝጋቢ የአገልግሎት ውል ውስጥ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሁለተኛው ነገር ነው። ብዙ መዝጋቢዎች ጊዜው ያለፈበትን ስም ከመሰረዝ ይልቅ ለጨረታ ያቀርቡታል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ካለፈ ከ25 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ይሆናል። ተመዝጋቢው ሲፈርም ሳያነበው ያለፈው ውል ይህንን ይፈቅድላቸዋል። ጨረታው ካበቃና ስሙ ለአሸናፊው ከተላለፈ ስሙ አልተሰረዘም ማለት ነው። ስሙ ካልተሰረዘ ደግሞ የ30 ቀኑ የማስመለሻ ጊዜ ከነጭራሹ አይመጣም። የማስመለሻ ጊዜ የሚወለደው ከስረዛ ነውና።

እንግዲህ በጎ ስም ያለው፣ ሰው የሚፈልገው የዶሜይን ስም በ35ኛው ቀን ላይ ለዘለቄታው ሊሄድ ይችላል፤ ማንም የማይፈልገው ስም ግን ገዢ አጥቶ ስለሚሰረዝ 70 ቀን ያህል ዕድል ያገኛል። ለብዙ ዓመት የሠራ፣ ከሌሎች ድረ ገጾች ብዙ ማያያዣ የተደረገለት የማኅበር ስም ከመጀመሪያው ወገን ነው። ስም ነጋዴዎች የሚሹት ይህን ዓይነቱን ነውና። ስለዚህ ማንኛውም ባለ ስም ሊተማመንበት የሚገባው ጊዜ በመዝጋቢው ውል ላይ የተጻፈው የማደሻ ቀን ብቻ ነው። የማስመለሻውን 30 ቀን እንደ ዕድል እንጂ እንደ መብት መቁጠር አይገባም።

በተመዝጋቢው በኩል ግን አንድ ጠቃሚ ጥበቃ አለ። አንዳንድ መዝጋቢ ቀኑ እንዳለፈ በመዝገቡ ላይ ያለውን የተመዝጋቢ ስም በራሱ ስም ይለውጣል። መመሪያው ግን የማደስና የማስመለስ መብት የሚሰጠው ቀኑ በሚያልፍበት ጊዜ ተመዝጋቢ ለነበረው ነው። በመሆኑም መዝገቡ ላይ የሌላ ስም ስላየን ብቻ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ለመዝጋቢው «ቀኑ ሲያልፍ ተመዝጋቢው እኔ ነበርኩ» ብሎ መጻፍ ይገባል።

4. በመጀመሪያ ምርመራ

በሕክምና ትምህርት መድኃኒት ከማዘዝ በፊት በሽታውን መለየት እንደሚቀድም፣ እዚህም ከመክፈል በፊት ስሙ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ማወቅ ይቀድማል። ለዚህ የሚያገለግለው lookup.icann.org የተባለው የአይካን መፈለጊያ ነው። ቀድሞ whois ይባል የነበረው አገልግሎት ቦታውን RDAP ለተባለው አዲስ ሥርዓት ለቅቋል፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዩዌሪ 2025 ወዲህ መዝጋቢዎች አሮጌውን ለመያዝ አይገደዱም። በኮምፒውተር ትእዛዝ መስመር የሚሠራ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦

```
curl -sL https://rdap.org/domain/example.org
```

በመልሱ ውስጥ የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የመዝጋቢው ስም፣ የማብቂያው ቀንና status የሚለው ቃል። ከሦስቱ ዋናው የመጨረሻው ነው። auto renew period የሚል ከሆነ ስሙ በእፎይታ ጊዜ ውስጥ ነው። redemption period ከሆነ በማስመለሻ ጊዜ ውስጥ ነው። pending delete ብቻውን ከታየ ጊዜው አልቋል። ሁለቱ አንድ ላይ ከታዩ ግን ስሙ ገና ሊመለስ ይችላል። በማስመለሻው ጊዜ ሁለቱ ጎን ለጎን መታየታቸው የተለመደ ነውና።

የማብቂያውን ቀን ስናነብ መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። ከፍ ብሎ እንደተገለጸው ዋናው መዝገብ ቤት ስሙን በራሱ ለአንድ ዓመት ያድሰዋል። ስለዚህ ማንም ሳይከፍል በመዝገቡ ላይ የሚታየው ቀን በአንድ ዓመት ወደ ፊት ሄዶ ይገኛል። ጸሐፊው ይህንን አይቶ «ገና ዓመት አለን፤ ችግሩ ሌላ ነው» ብሎ ይተኛል፤ በዚያው ሳለ ጨረታው ይደርሳል። አንዳንድ መዝጋቢ የራሱን ቀን registrar expiration ብሎ ለብቻው ያሳያል፤ እውነተኛው እሱ ነው። ካልታየ ደግሞ auto renew period የሚለው ቃል መኖሩን ማየት በቂ ነው።

ሌላው የሚያሳስት ሁኔታ client hold የሚለው ነው። ይህ መዝጋቢው ስሙን ማገዱን ያመለክታል እንጂ ጊዜው አልፏል ማለት ብቻ አይደለም። ክፍያው በሰዓቱ ተፈጽሞ፣ auto renew period ሳይኖር client hold ከታየ፣ ዘወትር የሚገኘው ምክንያት አዲስ የተመዘገበ ወይም የተለወጠ የኢሜይል አድራሻ በ15 ቀን ውስጥ አለመረጋገጡ ነው። መድኃኒቱም ገንዘብ መክፈል ሳይሆን መዝጋቢው የማረጋገጫውን ደብዳቤ እንደገና እንዲልክ መጠየቅ ነው።

5. አንድ ምሳሌ በዝርዝር

example.org የአንድ ተማሪ ማኅበር ስም ነው እንበል። ከአራት ዓመት በፊት የመዘገበው የያኔው ጸሐፊ ሲሆን፣ አካውንቱን የከፈተው በራሱ ስምና በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲው ኢሜይሉን ዘጋው፤ የከፈለበትም የባንክ ካርድ ጊዜው አለፈ። ስሙ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2026 ነበር። የዚህ መዝጋቢ ውል ስሙ በ27ኛው ቀን ለጨረታ እንደሚቀርብ፣ በጨረታ ገዢ ካልተገኘ በ40ኛው ቀን እንደሚሰረዝ ይናገራል እንበል።

ማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ወደ ተዘጋው ኢሜይል ሄዱ። ማርች 4 ቀን መዝጋቢው ድረ ገጹን አቋርጦ በምትኩ የማስታወቂያ ገጽ አደረገ። ለማኅበሩ የሚጽፉ አባሎች ደብዳቤያቸው ተመልሶ መጣባቸው። አዲሱ ጸሐፊ ነገሩን የሰማው ማርች 12፣ ማለት በ11ኛው ቀን ነው። መዝገቡን ሲመለከት ያገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦

```
status:      auto renew period
expiration:  2027-03-01
```

ቀኑ 2027 ቢልም ቃሉ auto renew period ስለሆነ ስሙ በእፎይታ ጊዜ ውስጥ መሆኑን ተረዳ። ውሉን አንብቦ ጨረታው ማርች 28 እንደሚጀመር አሰላ። እስከዚያ 16 ቀን አለው።

አሁን የሚቀረው በር መግባት ነው። አንዳንድ መዝጋቢ ያለ ይለፍ ቃል ከማንም የማደሻ ክፍያ ይቀበላል። የዚህኛው መዝጋቢ ግን የአካውንቱን ባለቤት ይጠይቃል። የይለፍ ቃል ማደሻው የሚላከው ወደ ተዘጋው ኢሜይል ስለሆነ በዚያ መንገድ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ጸሐፊው የቀድሞውን ጸሐፊ በስልክ አፈላልጎ አገኘው። በመዝገብ ላይ ያለው ተመዝጋቢ እሱ ስለሆነ ጥያቄውን ማቅረብ ያለበትም እሱ ራሱ ነው፤ የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ብቻውን መዝጋቢውን አያስገድደውም። የቀድሞው ጸሐፊ የፓስፖርቱን ቅጂና የድሮ የክፍያ ደረሰኝ አያይዞ የአካውንቱ ኢሜይል እንዲለወጥ ለመዝጋቢው ጻፈ። መዝጋቢው ማንነቱን መርምሮ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ለወጠው። ማርች 18 ቀን 20 ዶላር ተከፍሎ ስሙ ታደሰ። ክፍያውን ከአገር ቤት በውጭ ምንዛሪ መላክ አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ በውጭ ያለ አባል በካርዱ ከፍሎ ማኅበሩ ይተካለታል።

ስሙ ታደሰ ማለት ግን ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት አይደለም። መዝጋቢው ድረ ገጹን ሲያቋርጥ ኔምሰርቨር የተባሉትን፣ ማለት ስሙ ወዴት እንደሚያመራ የሚናገሩትን መዝገቦች፣ በራሱ ለውጧቸው ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው በሚከተሉት ሁለት ትእዛዞች ይመረምራል፦

```
dig +short NS example.org
dig +short MX example.org
```

የመጀመሪያው ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የሰጣቸውን ኔምሰርቨሮች ማሳየት አለበት። ሁለተኛው ኢሜይሉ የሚሄድበትን ቦታ ያሳያል። ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ድረ ገጹ ተመልሶ ኢሜይሉ አልተመለሰም ማለት ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል። ለውጡ በዓለም ዙሪያ እስኪዳረስ እስከ ሁለት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ በማግሥቱ አንዱ አባል ሲያይ ሌላው ባያይ ሊያስደነግጥ አይገባም። በተቋረጠበት ጊዜ የተላኩ ደብዳቤዎች ወደ ላኪዎቻቸው ስለ ተመለሱ እንደገና እንዲላኩ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

አሁን ይኸው ጸሐፊ ነገሩን የሰማው ዘግይቶ፣ ኤፕሪል 20 ቢሆን ኖሮ እንመልከት። በጨረታው ገዢ አልተገኘም እንበል። 40ኛው ቀን ኤፕሪል 10 ስለሆነ በዚያ ዕለት ስሙ ተሰርዟል፤ የማስመለሻው 30 ቀን የሚያበቃው ሜይ 10 ነው። ስለዚህ 20 ቀን ይቀረዋል። ሥራው ያው ነው፦ የቀድሞው ጸሐፊ ማንነቱን ያስረዳል፣ መዝጋቢውም ይጠየቃል። ክፍያው ግን 20 ዶላር ለማደሻ፣ 100 ዶላር ለማስመለሻ፣ በድምሩ 120 ዶላር ይሆናል። መዝጋቢው ጥያቄውን ለመዝገብ ቤቱ ሲያቀርብ በመዝገቡ ላይ pending restore የሚል ቃል ይወጣል። መዝጋቢው ስለ ስረዛውና ስለ ማስመለሱ የሚያስረዳ ሪፖርት በ7 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ሪፖርቱ ካልቀረበ ስሙ ወደ redemption period ይመለሳል። ስለዚህ ከከፈሉ በኋላ መዝገቡን በየቀኑ መመልከት፣ ቃሉ ወደ ኋላ ከተመለሰም ወዲያው መዝጋቢውን መጠየቅ ይገባል። ደግሞም ማንነት ማስረዳት ብቻውን ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ሜይ 8 ቀን መጀመር ካለመጀመር አይለይም።

ጸሐፊው የሰማው ሜይ 12 ቢሆን ግን ስሙ በስረዛ መጠበቂያው ውስጥ ነው። እስከ ሜይ 15 ድረስ ምንም ማድረግ አይቻልም።

6. ስሙ ከሄደ በኋላ

ስሙ ከመዝገብ ሲፋቅ ለሁሉም እኩል ክፍት ይሆናል ቢባልም፣ በተግባር ግን በእጅ ጽፎ መቅደም አይቻልም። የሚሰረዙ ስሞችን የሚጠባበቁ ኩባንያዎች በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ብዙ ጥያቄ የሚልኩ ኮምፒውተሮች አሏቸው። ስለዚህ የሚሻለው፣ ስሙ ገና በስረዛ መጠበቂያው ውስጥ ሳለ፣ ከነዚህ ኩባንያዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ ዘንድ ቅድሚያ ትእዛዝ ማስገባት ነው። ከአንድ በላይ ጠያቂ ካለ በመካከላቸው ጨረታ ይደረጋል።

ሌላ ሰው ከወሰደው ሁለት መንገዶች ይቀራሉ። አንደኛው ከገዢው መግዛት ነው። ሁለተኛው አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የክርክር ሥርዓት መክሰስ ነው። ከሳሹ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ስሙ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ወይም እስኪያሳስት ድረስ ተመሳሳይ መሆኑን፣ ተከሳሹ በስሙ ላይ መብት እንደሌለው፣ ስሙንም በክፉ ልቡና መዝግቦ በክፉ ልቡና እየተጠቀመበት መሆኑን። በዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ዘንድ እስከ 5 ስሞችን በአንድ ዳኛ ለማየት የሚከፈለው 1500 ዶላር ነው። ያልተመዘገበ ምልክትም በረጅም አገልግሎት መታወቁ ከተረጋገጠ ሊያስከስስ ይችላል፤ ነገር ግን «የኢትዮጵያ ተማሪዎች» እንደሚለው ያለ ገላጭ ስም ምልክት ነው ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ለተማሪ ማኅበር ይህ መንገድ የሚያዋጣበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስሙ መሄዱ በተረጋገጠ ሰዓት ግን ከገንዘቡም ከክሱም በፊት የሚደረግ ሥራ አለ። በዚያ ስም ባለው ኢሜይል የተከፈቱ አካውንቶች ሁሉ፣ ማለት የባንክ፣ የማኅበራዊ መገናኛና የፋይል ማስቀመጫ አካውንቶች፣ አድራሻቸው በዚያው ቀን መለወጥ አለበት። አዲሱ ባለቤት ያንኑ አድራሻ ከፍቶ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ቢል መልሱ የሚደርሰው ለሱ ነውና። አባሎችም ወደዚያ አድራሻ ሰነድ እንዳይልኩ በስልክ ወይም በሌላ መንገድ ሊነገራቸው ይገባል።

ይህ ዓይነቱ መዘንጋት የደካሞች ብቻ አለመሆኑን አንድ የታወቀ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1999 የማይክሮሶፍት ኩባንያ passport.com የተባለውን ስሙን ሳያድስ ቀረ። የሆትሜይል ተጠቃሚዎች የሚገቡት በዚያ ስም በኩል ስለነበረ ብዙዎች ደብዳቤያቸውን ማየት አልቻሉም። ማይክል ቼኒ የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ ምክንያቱን አግኝቶ በገና ዕለት 35 ዶላሩን በራሱ ካርድ ከፈለ፤ አገልግሎቱም ተመለሰ። ያን ጊዜ የ30 ቀኑ የማስመለሻ ጊዜ ገና አልተደነገገም ነበር፤ እሱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

7. ከዚህ የሚወሰድ ሥራ

ከላይ ካለው ምሳሌ እንደምንረዳው ማኅበሩን የጎዳው 20 ዶላር ማጣቱ ሳይሆን፣ ስሙና አድራሻው በአንድ በሄደ ሰው መያዛቸው ነው። በመሆኑም በየማኅበሩ የሥራ ርክክብ ሲደረግ ከማኅተሙና ከሂሳብ መዝገቡ ጋር የዶሜይኑም አካውንት መረከብ አለበት። በመዝገቡ ላይ ተመዝጋቢው ማኅበሩ ራሱ፣ አድራሻውም ሁለት ሰዎች የሚያዩት ኢሜይል ይሁን። ያ ኢሜይል ግን በዚያው በማኅበሩ ዶሜይን ላይ ያለ መሆን የለበትም፤ ስሙ ሲቋረጥ ማስጠንቀቂያውም የይለፍ ቃል ማደሻውም አብረው ይቋረጣሉና። አንድን ስም እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ መክፈል ይቻላል፤ ነገር ግን ረጅም ክፍያ ከተረሳ አድራሻ ጋር ሲገጥም ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

በመጨረሻም በደብዳቤ ወይም በኢሜይል «ስማችሁ ሊያበቃ ነው፤ ክፈሉ» የሚል ሂሳብ ሲመጣ፣ ላኪው በመዝገቡ ላይ የሚታየው መዝጋቢ መሆኑ ሳይረጋገጥ አንድ ሳንቲም መከፈል የለበትም። ሌላ ኩባንያ ከሆነ የተከፈለው ገንዘብ ስሙን አያድስም።

የውይይት ጥያቄዎች

ሀ. የማኅበራችሁ ዶሜይን መዝጋቢ ኩባንያ ማን ነው? በመዝገቡ ላይ ተመዝጋቢው ማን ተብሎ ተጽፏል? ማስጠንቀቂያው የሚደርሰውስ ለማን ነው?

ለ. በመዝጋቢያችሁ ውል መሠረት ጊዜው ያለፈበት ስም ለጨረታ የሚቀርበው በስንተኛው ቀን ነው? የሚሰረዘውስ?

ሐ. የአንድ ስም ቀን ያለፈው ጁን 1 ቢሆን፣ መዝጋቢውም በ30ኛው ቀን ቢሰርዘው፣ ስሙን ለማስመለስ የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? ስሙ ከመዝገብ የሚፋቀውስ? (መልስ፦ ስረዛው ጁላይ 1፣ ማስመለሻው የሚያበቃው ጁላይ 31፣ ስሙ የሚፋቀው ኦገስት 5።)

መ. በዚሁ ስም ላይ በ28ኛው ቀን ጨረታ ተደርጎ ስሙ ለአሸናፊው ቢተላለፍ፣ ከላይ ከተሰላው ውስጥ የሚቀረው ቀን ስንት ነው? ለምን?